ሰባት ነጥብ አንድ ግራም

ጂማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቆየን፤ ታሪኩ የሚያሳፍረው እኔን ነውና።

የ10ኛ ክፍል ሚድ ፈተና ነበር። ለሁሉም ሴክሽን አንድ ዓይነት ፈተና ነው የምንሰጠው። ሦስት መምህራን እንካፈለዋለን፣ ጥያቄውንና የመልስ ቁልፉን ግን አንዱ ነው የሚያዘጋጀው። ተራው የኔ ሆነ። ያን ማታ ዝናቡ እንደ ጂማ ዝናብ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ በስልኬ ባትሪ ነው የምጽፈው። ይህን የምለው ሰበብ ፍለጋ ነው፤ ስህተቱ ግን ቀን በጠራራ ፀሐይም ይሠራ ነበር።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ 10.8 ግራም አሉሚኒየም ከ35.5 ግራም ክሎሪን ጋዝ ጋር ተዋህዶ አሉሚኒየም ክሎራይድ ይሰጣል። ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ የትኛው ነው? ቲዎሬቲካል ይልዱ ስንት ግራም ነው? በተግባር የተገኘው 40.05 ግራም ቢሆን ፐርሰንት ይልዱ ስንት ይሆናል?

እኩልታው ይኸው፦

```
2Al + 3Cl2 → 2AlCl3
```

ቁልፉን ስሠራ መጀመሪያ ግራሙን ወደ ሞል ቀየርኩ። አሉሚኒየም 10.8 ሲካፈል ለ27፣ 0.40 ሞል። ክሎሪን 35.5 ሲካፈል ለ71፣ 0.50 ሞል። እዚህ ድረስ እንከን የለውም። ከዚያ ዓይኔ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አየና አነስተኛውን አነሳ። 0.40 ያንሳል፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው አሉሚኒየም ነው ብዬ ጻፍኩ። ሁለት አሉሚኒየም ሁለት አሉሚኒየም ክሎራይድ ስለሚሰጥ ምርቱም 0.40 ሞል፣ በ133.5 ሲባዛ 53.4 ግራም።

ፐርሰንት ይልዱ 75 እንዲመጣልኝ ፈልጌ ስለነበር 53.4ን በ0.75 አባዛሁና 40.05 ግራም ተገኘ ብዬ ጥያቄው ላይ አስገባሁ። ጠዋት ቁልፉን መልሼ ሳየው 75 ፐርሰንት ጥርት ብሎ ወጣ። ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ትክክል መሰለኝ። በራሴ ልክ የሰፋሁትን ልብስ ለብሼ “ወይ ልክ መሆኑ!” እንደማለት ነው።

ቁልፉን ለሁለቱ ባልደረቦቼ ሰጠሁ። እነሱም አምነውኝ በሱ አረሙ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ።

ወረቀት በተመለሰ ማግስት በእረፍት ሰዓት አንዲት ተማሪ ስታፍ ክፍል መጣች። ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጇን ብዙ የማታወጣ ልጅ ናት። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

“ቲቸር፣ አንዴ ላስቸግርዎት?”

“ነይ ግቢ።”

ጥያቄው ላይ 44.5 ግራም ጽፋለች፣ እኔ ደግሞ በቀይ ሰርዤዋለሁ። ስለ ነጥብ ልትከራከር የመጣች መስሎኝ ቁልፉን አወጣሁ። እሷ ግን ስለ ነጥቡ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

“ቲቸር፣ 10.8 እና 35.5 ሲደመር 46.3 ነው አይደል?”

“ነው።”

“እና 53.4 ከየት መጣ?”

ዝም አልኩ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የሆነ ምክንያት ሰጥቶ መመለስ ነበር። ግን ምን ልበላት? ዕቃው ውስጥ የገባው በጠቅላላ 46.3 ግራም ነው። ከዚያ 53.4 ግራም ማውጣት በኬሚስትሪ አይደለም፣ በጠንቋይም አይሆንም። የቁስ ክብደት አይጠፋም፣ ከምንም ተነስቶም አይጨምርም ብዬ ያስተማርኳት ራሴ ነኝ።

ወረቀቷን ተቀብዬ አብሬያት ተቀመጥኩ። የሠራችው እንዲህ ነው። 0.40 ሞል አሉሚኒየም ካለኝ ስንት ክሎሪን ይፈልጋል ብላ ጠየቀች። ለሁለት አሉሚኒየም ሦስት ክሎሪን ነው፣ ስለዚህ 0.60 ሞል ይፈልጋል። ያለው 0.50 ብቻ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ክሎሪን ነው። በግራምም በሞልም የሚበልጠው ክሎሪን ነው፣ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ከዚያ 0.50ን በ2 አባዝታ ለ3 አካፍላ 0.333 ሞል ምርት አገኘች፤ በ133.5 ሲባዛ 44.5 ግራም።

ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በኔ መልስና በገባው ክብደት መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? 53.4 ሲቀነስ 46.3፣ 7.1 ግራም። ያ ቁጥር የዘፈቀደ አይደለም። የጎደለው ክሎሪን 0.10 ሞል ነው፤ በ71 ሲባዛ 7.1 ግራም ይሆናል። እኔ በቁልፉ ላይ ያመረትኩት ትርፍ ምርት ያልነበረው ክሎሪን ራሱ ነበር። ከሱቅ ያልገዛሁትን አስገብቼ ነው የሸጥኩት።

ልጅቷ 7.1ን ስታይ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ።

ከሰዓት በኋላ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ ወዲያው ገባው። ሌላኛው ግን “ሞሉ የሚያንሰው ነው እንጂ ቀድሞ የሚያልቀው” ብሎ ድርቅ አለ። በቃላት ስላልተግባባን ከግቢው ጀርባ ወዳለችው ሻይ ቤት ወሰድኩት። አራት ሻይና አምስት ፓስቲ አዘዝኩ።

“በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሻይና ሦስት ፓስቲ ነው የሚቀርበው እንበል” አልኩት። “ስንት ጠረጴዛ ይሞላል?”

አንዱን ሞላ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሻይ አለ፣ ፓስቲው ግን ሁለት ብቻ ነው።

“ፓስቲ አነሰ” አለ።

“ከሻይ ይበልጥ ነበር እኮ።”

ፓስቲውን እያኘከ ራሱን ነቀነቀ። መብለጥና መብቃት ለየቅል ናቸው። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ፣ ተገቢም ነበር።

ሁለቱን ለማወዳደር አጭሩ መንገድ እያንዳንዱን ሞል በእኩልታው ላይ ከፊቱ ላለው ቁጥር ማካፈል ነው። አሉሚኒየም 0.40 ለ2፣ 0.20 ነው። ክሎሪን 0.50 ለ3፣ 0.167 ገደማ ነው። ያነሰው ክሎሪን ነው፣ አለቀ። ሳያካፍሉ ሞል ከሞል ማወዳደር የሚያዋጣው ከፊታቸው ያሉት ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። የኔ ጣጣም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል፤ ከዚያ በፊት በሰሌዳ የሠራኋቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው አንድ ለአንድ ነበሩ። እጄ ለምዶ ነው።

የልጅቷን ማረጋገጫም ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተምረዋለሁ፣ ግን ከነገደቡ። እንደዚህ ምርቱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሊሚቲንጉን የሳተ ሰው መልሱ ሁልጊዜ ከገባው ድምር ይበልጣል። የሌለውን አስገብቷልና ማምለጫ የለውም። ምርቱ ሁለት ሦስት ሲሆን ግን ማረጋገጫው ዝም ሊል ይችላል። 10 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ከ5.475 ግራም ሃይድሮጅን ክሎራይድ አሲድ ጋር አለ እንበል። 0.10 እና 0.15 ሞል ናቸው፣ አንዱ ካርቦኔት ሁለት አሲድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የሚያልቀው አሲዱ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3.3 ግራም ነው። በካርቦኔቱ የሠራ ሰው 4.4 ይላል። 4.4 ከገባው 15 ግራም ምናምን በጣም ያነሰ ስለሆነ ማንም አይነቃበትም። ውሃውንና ካልሲየም ክሎራይዱን አብረው ካልደመሩ አይታይም።

የቀረው ወረቀቱን እንደገና ማረም ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ 44.5 ላለ ስጥ፣ 53.4 ላለ ንሳ። ሁለተኛው ሴክሽን ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። 53.4 ብለው ከጻፉት አንዳንዶቹ እንደኔ አልተሳሳቱም። ክሎሪን ጋዝ ጥንድ ሆኖ እንደሚሄድ ረስተው 35.5ን ለ71 ሳይሆን ለ35.5 አካፍለዋል። 1.0 ሞል ክሎሪን ወጣላቸው። ከዚያ በትክክል አነጻጽረው፣ ክሎሪኑ ተረፈ፣ አሉሚኒየም አለቀ ብለው 53.4 ደረሱ። ማወዳደሩን ያውቁታል፣ የሳቱት ሌላ ቦታ ነው። ሁለት የተለያየ በሽታ፣ አንድ ዓይነት ትኩሳት። በኔ ቁልፍ ደግሞ ሁለቱም ጤነኛ ተብለው ሙሉ ነጥብ ወስደዋል።

44.06 እና 45.4 የጻፉም ነበሩ። እነዚህ መሃል ላይ 0.33 ወይም 0.17 ብለው ያጠጋጉ ናቸው። መንገዳቸው ልክ ስለሆነ ብዙ አልቀነስንባቸውም። ስለዚህ ሦስታችንም የመጨረሻውን ቁጥር ትተን መስመር በመስመር አነበብን። መምሸት እስኪጀምር ስታፍ ክፍል ቆየን። ፐርሰንት ይልዱም ተቀየረ፤ 40.05 ለ44.5 ሲካፈል 90 ፐርሰንት። ይሄኛውም ክብ ቁጥር መሆኑ አናደደኝ።

ነጥብ የወረደባቸው አልወደዱትም። አንድ ጎረምሳ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

“ቲቸር፣ እኔ እኮ የርስዎን መልስ ነው የጻፍኩት።”

“አዎ፣ አብረን ነው የወደቅነው” አልኩት። “አሁን የተረፈውን አሉሚኒየም ንገረኝና የወሰድኩብህን ግማሽ እመልሳለሁ።”

ግድግዳው ላይ ተደግፎ ደብተሩ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። ደወል ተደወለ፣ ሁሉም ወደ ክፍል ገባ፣ እሱ አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ በሩን አንኳኳ።

“1.8 ግራም” አለ። “ከ44.5 ጋር ደመርኩት ቲቸር። 46.3 መጣ።”