ድንቹን በምን ላብስለው?
ዛሬ ለምሳ ድንች ሳዘጋጅ በድስት፣ በመጥበሻና በኦቨን መካከል መምረጥ ነበረብኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ድንች በድስት ሲቀቀል ከቆላው ይልቅ ይቆያል፤ እሳት መጨመርም ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ለመጥበሻ ድንቹን በስሱ ከትፎ በጨርቅ ማድረቅ ግድ ነው፤ እርጥበት ካለው ዘይቱ ይረጫል፣ ድንቹም ሳይቀላ ይልፈሰፈሳል። እኔ ግን ለብዙ ሰው ስለማበስል ኦቨኑን መረጥሁ። ድንቹን አራት ቦታ ቆርጬ፣ ዳር ዳሩ እስኪለሰልስ በጨው ውኃ ቀቀልሁት፤ ካጠለልሁት በኋላ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ጠብቄ፣ ጠርዙ እንዲሻክር ድስቱን ነቀነቅሁት። ከዚያም ዘይት ቀብቼ፣ ሳይደራረብ ዘርግቼ በ200 ዲግሪ አስገባሁት፤ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላልና።