ቡኒ ኮት

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቁ በር ድረስ ገብቷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ላፕቶፑ 40 በመቶ ላይ ነው፤ እኔም ከዚያ አልበልጥም። ደሴ እንዲህ ስትሆን ሥራ መሥራትም ቤት መሄድም አያሰኝም።

በዚህ መሃል ጥር ላይ ሠርጓን ያነሳሁላት ሙሽራ ጻፈችልኝ። «ወንድም ዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ከኋላ በሩቅ የቆመውን ባለ ቡኒ ኮት ሰውዬ ቁረጥልኝማ። በእኛም በባሌም በኩል ማንም አያውቀውም።»

ቁረጥልኝማ! ሰው ሁሉ ጉዳዩ በመቀስ የሚያልቅ ይመስለዋል።

ፎቶውን ከፈትኩት። ድንኳኑ በር ላይ ነው፣ ሦስት ረድፍ፣ 26 ሰው። ሰውዬው ከእነሱ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ወጥ ቤቱ ጋ ነበር የቆመው። ፎቶው ላይ ግን የሙሽራዋ አክስት ትከሻ ላይ አገጩን ያሳረፈ ይመስላል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሁሉም እንዲገቡልኝ ወደ ኋላ ሸሽቼ በረጅም ሌንስ አነሳሁ። ከሩቅ ሆነህ በዙም ስትስብ በሰዎች መካከል ያለው ርቀት ይጠፋል። በዚያ ላይ የኋላው ረድፍ እንዳይደበዝዝ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አጥብቤዋለሁ። አያቶቹ ጥርት ብለው ወጡ፤ እሱም አብሮ ጥርት አለ። ሙሽሮቹን ብቻ ቀዳዳውን በ2.8 ከፍቼ ባነሳቸው ኖሮ ቡኒ ጭጋግ ሆኖ ይቀር ነበር። የማይታወቀውን ሰው ዘመድ ያደረግሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ልቁረጠው ብል አክስትየዋም አብራ ትሄዳለች። የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ እሷን ቆርጬ ደሴ ላይ መኖር አልችልም። የካሜራው ፎቶ ሦስት ለሁለት ነው፣ የአልበሙ ገጽ 30 በ40። ገጹ ራሱ ገና ሳልነካው ከጎንና ከጎን አንድ ዘጠነኛውን በልቶብኛል። ተጨማሪ ከግራ ልቀንስ ካልኩ ቅርጹ እንዳይበላሽ ከላይ ወይ ከታች መቀነስ አለብኝ። ታች ያሉት ደግሞ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ናቸው። እግር የሌላቸው ሕፃናት ልሰጣት ነው?

ደግነቱ የቤተሰብ ፎቶ አንዴ አንስቼ አልተውም። አንዱ ሳይጨፍን ሌላው ስለሚጨፍን አምስት ስድስቴ እደጋግማለሁ። አራተኛው ላይ ሙሽራው ጨፍኗል፣ ሰውዬው ግን ከቦታው ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ፈቀቅ ብሏል። ስለዚህ ከአራተኛው ባዶውን ግድግዳ ብቻ ወስጄ ሰውዬው ባለበት ሁለተኛው ላይ እለጥፋለሁ። ካሜራው በእጄ ስለነበር ሁለቱ ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ የምሰሶውን መስመር ይዤ ነው የማገናኛቸው። አስቸጋሪው የአክስትየዋ ነጠላ ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ከቸኮልክ ነጠላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ከሁሉም የሚረሳው ጥላ ነው። ድሮ አንዱን እንግዳ አጥፍቼ ጥላውን ሣሩ ላይ ተውኩት። ባለቤት የሌለው ረጅም ጥላ፣ ባርኔጣ ያደረገ። ያየችው የሙሽራው እናት ናት። «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ይኼን እያሰብኩ ፊቱን አቀረብኩት። ወደ ካሜራው አያይም። ወጥ ቤት በኩል የሆነ ነገር ይጠብቃል። ራበው መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። እኔስ ስንት አልበም ውስጥ ነው የቆምኩት? ጥር ላይ ሐይቅ ዳር ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት አራት ሙሽራ ይሰለፋል። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ከኋላ ያልፋል። አንዱ ቅዳሜ ላይ የአንድ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ሙሽሮች አጠገባችን ነበሩ። ደወልኩለት። ሥራ የለህም ወይ ብሎ ሳቀብኝና ዋናውን ፎቶ ላከልኝ።

ሙሽሮቹ ተቃቅፈዋል። በመካከላቸው በወዲያ በኩል እኔ አለሁ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ውሃው ዳር ቆሜ ሙዝ እበላለሁ።

«አልበሙ ላይስ?» አልኩት።

«አጠፋሁህ እንጂ! ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።»

ሁለት ደቂቃ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። «ውሃው ላይ ያለውንስ?» አልኩት።

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ።

«የቱን ውሃ?»

አልበሙ ከታተመ ቆይቷል፤ ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ ሳሎን ውስጥ። እስካሁን ማንም አልጠየቀም አለኝ። እኔ እዚያ ቤት ተዘቅዝቄ ሙዝ እየበላሁ ነው። የሚያይ እንግዳ ምን ይለኝ ይሆን?

ባትሪው 9 በመቶ ደርሷል። ለሙሽራዋ ገና አልመለስኩላትም።