በዳግማይ ትንሣኤ ለማልገኝላት ሙሽራ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሳችሁ፣ ዶሮውን ቀምሳችሁ፣ ትንሽ አረፍ ብላችሁ ስልካችሁን ለከፈታችሁ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዘንድሮ ሰላምታዬ ወደ አንድ ሰው ያደላል። ሻንጣዬ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዛሬ ማታ ወደ ስቶክሆልም እበራለሁ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ሚያዝያ 11፣ የልብ ጓደኛዬ ታገባለች። እኔ አልኖርም።

«ሚዜዬ ሁኚ» ስትለኝ የሰጠኋትን መልስ እዚህ የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው። ብዙዎቻችሁ ሠርጉ ላይ ትገናኛላችሁ። «የት ቀረች?» ስትባባሉ ምክንያቱን ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። በተለይ «ኀዘን ላይ ስለሆነች ነው» እንዲባል አልፈልግም።

እናቴ ያረፈችው ጥቅምት ላይ ነው። ጓደኛዬ ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ መጣች። ድንኳኑ እስኪነሣ ቤቷ አልተመለሰችም። እንጀራ ሊያልቅ ሲል ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ቡናው እንዳይቋረጥ የምትቆጣጠረውም እሷ። ማታ ሰው ሲበተን ፍራሽ አጠገቤ ታነጥፋለች። ብዙ አታወራኝም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ፣ እሷ እስከ አርባው ድረስ ማታ ማታ እየመጣች አብራኝ ተቀመጠች። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይቀድመኛል።

እንዲህ ያለች ሴት ናት የካቲት ላይ መጥታ «ዋና ሚዜዬ አንቺ ነሽ» ያለችኝ።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ስቶክሆልም ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቴ ሄዳ አረሰቻት። ገንፎውን አገንፍታ፣ አጥሚቱን አፍልታ፣ ሕፃኑን አጥባ፣ ክርስትና አስነሥታ ተመለሰች። ሁለተኛው ሚያዝያ ላይ እንደሚወለድ እናውቅ ነበር። የመጀመሪያው በቀዶ ጥገና ስለተወለደ ይኸኛውም እንደዚያው እንዲሆን ከሐኪሞቿ ጋር ተስማምታለች። ባሏ በፈረቃ ይሠራል። ቤት ውስጥ ደግሞ «እቀፊኝ» የሚል የሦስት ዓመት ልጅ አለ፤ ከቀዶ ጥገና የወጣች እናት ግን ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት የለባትም። እናቴ የለችም። ታላቋ እኔ ነኝ።

ሚዜ ሁኚ ስባል ቪዛዬ ገና አልወጣም ነበር። የሼንገን ቪዛ ብዙ ጊዜ በ15 ቀን ምላሽ ያገኛል፤ አንዳንዴ ግን እስከ 45 ቀን ይቆያል፤ ይከለከላልም። ስለዚህ «ቪዛው ከቀረ አለሁልሽ» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። የዋና ሚዜ ልብስ ይለካል፣ ይሰፋል። የሴቶቹ ሚዜዎች ቁጥር ከወንዶቹ ጋር ይጣጣማል። ሙሽራዋ ከማለዳው ጀምሮ እጇን የምትይዝላት ሰው ማን እንደሆነች አውቃ ማደር አለባት። እኔ በተስፋ ባንጠለጥላት ኖሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ሌላ ሰው መጠየቅ አትችልም። ኋላ የምትጠየቀዋ ልጅም የቀረ ሰው ምትክ መሆኗን እያሰበች ነው የምትቆመው። በጊዜ የተጠየቀች ግን እንደ ተመረጠች ትቆማለች።

ደውዬ እንደምመጣ ነግሬ ቤቷ ሄድኩ። በቃል ነገርኳት። ማታ ደግሞ ያልኳትን በጽሑፍ ላኩላት፤ ስንነጋገር ሁለታችንም ስላለቀስን የተሰማው ካልተሰማው ተቀላቅሎ ነበር። ያልኳት ይህ ነው፦

«እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ እኔን ስለመረጥሽ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሚዜሽ ልሆን ግን አልችልም። ሚያዝያ ላይ እህቴ ትወልዳለች፤ እናቴ ስለሌለች የማርሳት እኔ ነኝ። ቪዛ ብከለከል እንኳ ቦታዬን አትጠብቂ፤ ያኔ እንደ ማንኛውም ጥሪ አክባሪ እመጣለሁ። ያስቀረኝ ኀዘኔ አይደለም። ጥቁሬን አውልቄ ነጭ የምለብስበት የመጀመሪያው ቀን የአንቺ ሠርግ እንዲሆን አስቤ ነበር። ከሠርጉ በፊት ባለው ሥራ ሁሉ አለሁ፤ እዘዢኝ።»

እሷ ገባት። የከበደኝ ለእናቷ መናገሩ ነበር። የጥሪ ካርዱ ላይ ከስሜ በፊት «ልጄ» ብላ በእጇ የጻፈችልኝ እሷ ናት። ለእሷ ነገሩን በልጇ በኩል ማስነገር አልሆነልኝም። ቁጭ ብዬ ነገርኳት። የሙሽራዋ ወንድም «እሑድ ሠርጉን ብለሽ ሰኞ ብትበሪስ?» አለ፤ በቅንነት ነው ያለው። የቀዶ ጥገናው ቀን ግን ማክሰኞ ሚያዝያ 6 ሆኗል። ከሠርጉ ማግስት ብሄድ እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ ሁለት ልጆች ይዛ ብቻዋን ትጠብቀኛለች። እናቲቱ ዝም ብላ ሰማችና እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ሰው ሞልቶናል። ያቺ ያለሽላት አንቺ ነሽ። ሂጂ እረሻት።» እትዬ፣ ይህን ቃልዎን ይዤ ነው የምሄደው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዚያ በኋላ በቃሌ መሠረት ሠራሁ። ቬሎዋን ስትለካ አብሬያት ነበርኩ። ጌሾ ለቅመናል። የስጦታውን ፖስታ ለሠርጉ ቀን አላቆየሁትም፤ ገንዘብ የሚያስጨንቀው ከሠርጉ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሆነ በጾሙ አጋማሽ ሰጠኋት። እናቴ መስከረም ላይ ያዘጋጀችውን በርበሬ ደግሞ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹ ለሠርጉ ዶሮ ወጥ ለእትዬ ተሰጠ። ግማሹ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ቂቤ ከዚህ ይዞ ወደ አውሮፓ መግባት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ብቻ ይዤ ቂቤውን እዚያ ገዝቼ አነጥራለሁ። እህቴ ትናንት ደውላ «እዚህ ፋሲካ ባለፈው እሑድ አለፈ፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል» አለችኝ። ድምጿ የእናቴን ይመስላል።

የዘንድሮ ምስጋናዬ ስም ባልጠራም ባለቤቶቹ ያውቁታል። በእኔ ቦታ ለቆምሽው የሙሽራዋ የአክስት ልጅ፦ ጫማው እንደሚጠብሽ ሰምቻለሁ፣ ከአሁኑ ቤት ውስጥ እያደረግሽ አለስልሺው። ሙሽራዋ ቁርስ ሳትበላ ከቤት እንዳትወጣ አደራ፤ ስትጨነቅ እህል አይወርድላትም። ለዕድራችን ሴቶች፦ ጥቅምት ላይ አብራችሁኝ አልቅሳችሁ በዚህ ሳምንት ለሠርጉ ሽንኩርት ትከትፋላችሁ፤ ዕድሜ ይስጣችሁ። ለጎረቤታችን እማማ፦ ዛሬ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ በምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ጾሙን ብቻዬን አልፈታሁም።

በሰው አገር ሆናችሁ የወንድማችሁን ሠርግ በስልክ ለምታዩ፣ ዛሬ ተረኛ ሆናችሁ ሆስፒታል ለዋላችሁ፣ በዚህ ዓመት እናታችሁን ለቀበራችሁ፦ እንኳን አደረሳችሁ። ሠርጉ ላይ የምትገኙ ወዳጆቼ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ዙር እስክስታ በእኔ ስም ውረዱልኝ።

ሙሽራዬ፣ እግዚአብሔር ትዳርሽን ይባርክ። የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ። የእህቴ ልጅ ወንድ ነው ተብሏል፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ከጰራቅሊጦስ በፊት እመለሳለሁ። በዓለ ኃምሳው ሳያልቅ ሁለታችሁም ቤቴ እንድትመጡ ከአሁኑ ጠርቻችኋለሁ። ረቡዕም ይሁን አርብ፣ ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ ዶሮው ከእኔ ነው።

መልካም የትንሣኤ በዓል!