አንድ ጉብታ ወይስ ሁለት? የቢን ስፋት እየቀያየርኩ ሂስቶግራም ያነበብኩበት መንገድ

ሂስቶግራም መሥራት ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ለፕሮግራሙ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ቢን በሚባሉ እኩል ስፋት ባላቸው ክፍሎች ይከፋፍልና በየቢኑ ስንት ቁጥር እንደገባ የሚያሳይ ባር ያቆምላችኋል። ችግሩ የቢኑን ስፋት ማን መረጠው የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እኛ አይደለንም፣ ፕሮግራሙ ነው። ስፋቱ ሲቀየር የግራፉ መልክ ምን ያህል እንደሚገለበጥ በደንብ የገባኝ አንድ ዳታ ይዤ ጥግ ድረስ ስሄድበት ነው።

ዳታው R በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ `faithful` በሚል ስም ተዘጋጅቶ የሚገኝ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ፣ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባል ፍል ውሃ አለ። በየጊዜው ከመሬት እየፈነዳ ወደ ላይ ይረጫል። በዳታው ውስጥ 272 ምልከታዎች አሉ። አንዱ ዓምድ ፍንዳታው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይናገራል። ሌላው `waiting` ይባላል፤ እስከሚቀጥለው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደተጠበቀ ይነግረናል። እኔ የያዝኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። ትንሹ 43 ደቂቃ፣ ትልቁ 96፣ አማካዩ 70.9 ገደማ ነው።

መጀመሪያ በጣም ሰፊ ቢን ሰጠሁት፣ 20 ደቂቃ።

```r
w <- faithful$waiting
hist(w, breaks = seq(40.5, 100.5, by = 20))
```

ሦስት ባር ወጣ። ከ41 እስከ 60 ደቂቃ 83፣ ከ61 እስከ 80 ደቂቃ 105፣ ከ81 እስከ 100 ደቂቃ 84። ግራና ቀኙ እኩል ለመባል አንድ የቀረው፣ መሐሉ ከፍ ያለ። ሲያዩት ደስ ይላል! አማካዩ 70.9 ደግሞ ልክ በረጅሙ ባር መሐል ላይ ያርፋል። ይህን ግራፍ ብቻ ያየ ሰው «ብዙውን ጊዜ 70 ደቂቃ አካባቢ ይጠበቃል፣ አልፎ አልፎ ከዚያ ያንሳል ወይ ይበልጣል» ቢል አይፈረድበትም።

ስፋቱን ወደ 5 ደቂቃ ሳወርደው ግን ሌላ ታሪክ መጣ። እዚህ ላይ ግራፉን ሳይሆን ቁጥሮቹን እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት።

```r
hist(w, breaks = seq(40.5, 100.5, by = 5),
     plot = FALSE)$counts
# 4 22 33 24 14 10 27 54 55 23 5 1
```

ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከ4 ተነስቶ በ51–55 ደቂቃ ላይ 33 ይደርሳል። ከዚያ ይወርዳል፣ 24፣ 14፣ 10። እንደገና ይነሳና በ76–80 እና በ81–85 ላይ 54 እና 55 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው። ሁለት ጉብታ፣ መሐላቸው ላይ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ያለው ደግሞ ከ66 እስከ 70 ደቂቃ ነው፣ ቅድም «ብዙውን ጊዜ» ያልነው አካባቢ! ከ272 ጥበቃዎች እዚያ የወደቁት 10 ብቻ ናቸው።

ታዲያ የመጀመሪያው ግራፍ ዋሸ ማለት ነው? ቁጥሮቹ አልዋሹም። ከ61 እስከ 80 ያለውን ባር የሠሩት አራት ትንንሽ ቢኖች ናቸው፤ 14፣ 10፣ 27 እና 54። ሲደመሩ 105። ረጅም ያደረገው የመጨረሻው 54 ነው፣ ማለትም የሁለተኛው ጉብታ ግማሽ። ጉድጓዱና ጉብታው አንድ ቢን ውስጥ ተጨፍልቀው ጉብታው ጉድጓዱን ሞላው። ቢን ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይደባለቃል፤ ባሩ የሚያሳየው ድምሩን እንጂ ውስጡን አይደለም። ስለዚህ ከቢኑ ስፋት የጠበበ ጉድጓድ ካለ አይታይም፣ ወይም እንደ ዕድሉ ነው።

«እንደ ዕድሉ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስፋቱን 20 ላይ ትቼ መነሻውን ብቻ በ10 ደቂቃ ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ከ31 እንዲጀምር። አሁን 26፣ 81፣ 159፣ 6 ሆነ። ያ ግራና ቀኙ እኩል የነበረ ቅርጽ የት ገባ? በግራ በኩል ረጅም ጭራ ያለው፣ ወደ ቀኝ የተጠጋ አንድ ጉብታ ሆኖ ቁጭ አለ። ዳታው ያው፣ ስፋቱ ያው። የቢኑ መነሻ በራሱ ቅርጹን እንዲህ ካገላበጠ፣ ያ ቅርጽ የዳታው አይደለም፣ የቢኑ ነው።

ይህንኑ ሙከራ በ10 ደቂቃ ስፋት ደገምኩት። ከ41 ሲጀምር 26፣ 57፣ 24፣ 81፣ 78፣ 6። ከ36 ሲጀምር 4፣ 55፣ 38፣ 37፣ 109፣ 28፣ 1። ቁጥሮቹ በጣም ተለያይተዋል፣ የጉድጓዱም ጥልቀት አንድ አይደለም። ሁለቱ ጉብታዎች ግን በሁለቱም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሂስቶግራም ላይ የሆነ ቅርጽ ሳይ መጀመሪያ የማደርገው መነሻውን በግማሽ ቢን ማንሸራተት ነው። አንድ መስመር ኮድ ቢቀየር ነው፣ የሚገላግለው ጭቅጭቅ ግን ብዙ ነው።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ብንሄድስ? የ1 ደቂቃ ቢን ሰጠሁት። ከ43 እስከ 96 ድረስ 54 ቢን ይሆናል። 272 ለ54 ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ቢን 5 ገደማ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘላል። እኔ በግምት የምጠቀመው የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ነው፤ 5 ያለው ባር በ2 ገደማ ቢወዛወዝ ምንም አይደንቅም። ስለዚህ ግራፉ በትንንሽ ሹሎች ይሞላል። አንዱ 3፣ ጎረቤቱ 7 ቢሆን እንደ ቁም ነገር አልቆጥረውም። በ5 ደቂቃው ግራፍ ላይ ግን 33 ወደ 10 ወርዶ ወደ 55 ወጥቷል። የ33 ስኩዌር ሩት 6 ገደማ ነው፣ ልዩነቱ ደግሞ 23። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ አይመስልም። በዚያው ግራፍ 54 እና 55ን አወዳድሮ «ከፍተኛው ጫፍ 81–85 ላይ ነው» ማለት ደግሞ በአንድ ምልከታ ላይ ተራራ መሥራት ነው።

ጠባብ ቢን ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። የጥበቃው ጊዜ የተመዘገበው በሙሉ ደቂቃ ነው፤ 61.4 የሚባል ነገር የለም። የቢኑን ስፋት 2.5 ብታደርጉት ከ40 እስከ 42.5 ባለው ቢን ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት 41 እና 42 ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ግን 43፣ 44 እና 45 ይገባሉ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ውጤቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ያለ ግራፍ ነው። ሳያጣራ ያየ ሰው የሆነ ዑደት ያገኘ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት ከተፈራረቁ፣ ዳታው በምን ያህል ትንሽ መለኪያ እንደተመዘገበ ማየት ነው። የቢን ስፋት የዚያ መለኪያ ሙሉ ብዜት መሆን አለበት። እዚህ 2፣ 3፣ 5 ይሠራል፣ 2.5 አይሠራም።

ኮዱ ላይ 40.5 ብዬ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ድንበሩ 60 ላይ ቢሆን ልክ 60 ደቂቃ የሆነው ምልከታ ወደየትኛው ቢን ይገባል? R ካልነገራችሁት በስተቀር ወደ ግራው ያስገባዋል። የፓይተን `numpy` ደግሞ ወደ ቀኙ። ድንበሩ ግማሽ ላይ ከሆነ ጥያቄው አይነሳም፣ የትም ብትሠሩት ያው ቁጥር ይወጣል።

ስፋቱን በቀመር መምረጥ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል። የስተርጅስ ደንብ ከ1926 ጀምሮ አለ፤ የሚያየው የምልከታውን ብዛት ብቻ ነው። ለ272 ምልከታ ወደ 10 ቢን ይሰጣል። የስኮት ደንብ የ1979 ነው፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይጠቀማል። የፍሪድማንና የዳያኮኒስ ደግሞ የ1981 ሲሆን የመሐለኛውን 50 ከመቶ ዳታ ስፋት ይወስዳል፤ እዚህ ከ58 እስከ 82 ነው፣ 24 ደቂቃ።

```r
2 * IQR(w) / length(w)^(1/3)        # 7.4
3.49 * sd(w) / length(w)^(1/3)      # 7.3
```

ሁለቱ ተስማሙ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የስኮት ደንብ የተሠራው ባለ አንድ ጉብታ የደወል ቅርጽ ታስቦ ነው። የእኛ ዳታ ባለ ሁለት ጉብታ ስለሆነ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ የተነፋው በአብዛኛው በጉብታዎቹ መራራቅ ነው። እና ደንቡ ከሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ቢን ይሰጣል። ጉብታው ሁለት በሆነ ቁጥር፣ ማለትም በጣም ጠባብ ቢን በምንፈልግበት ሰዓት፣ ቀመሩ ወደ ሰፊው ያደላል። ስለዚህ የቀመሩን መልስ እንደ መነሻ እይዘውና ግማሹንም እሞክራለሁ። እዚህ 7 እና 4 ማለት ነው። ሌላው የሚገርመው፣ R ላይ `breaks = "FD"` ብትሉት 7.4ን አይጠቀምም። ክብ ቁጥር ስለሚወድ ወደ 5 ይወስደዋል። የምትፈልጉት ስፋት ካለ ድንበሮቹን ራሳችሁ በ`seq` ጻፉ።

የተለያዩ ስፋቶችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ቁልቁሉን ዘንግ ከቁጥር ወደ ዴንሲቲ፣ ማለትም የቢኑ ድርሻ ለስፋቱ ተካፍሎ ወደሚገኘው፣ እቀይራለሁ፣ `freq = FALSE` በማለት። ካልሆነ ሰፊው ቢን ብዙ ስለሚሰበስብ ብቻ ባሮቹ ይረዝማሉ፣ ዓይንም ይሸወዳል።

ሂስቶግራም ሁለት ጉብታ አለ ይላል እንጂ ለምን እንዳለ አይናገርም። ለዚያ ሌላውን ዓምድ ማምጣት ነበረብኝ፤ `plot(faithful)` ማለት ብቻ ይበቃል። ነጥቦቹ ሁለት ቦታ ተከማችተው ይታያሉ። ፍንዳታው 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ከቆየ ጥበቃው አጭር ነው፣ 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ከቆየ ረጅም ነው። ስለዚህ 70.9 የሚለው አማካይ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም የሚገልጸው ጥበቃ ጥቂት ነው። ያለፈው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ያየ ሰው ከዚያ የተሻለ ይገምታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ምልከታው በቂ ሲሆን ነው። 30 ቁጥር ብቻ ካላችሁ በ5 ደቂቃ ቢን አንዳንዱ ባር ላይ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው የሚኖረው፣ መነሻውን ብታንሸራትቱም ባታንሸራትቱም ቅርጹ አይረጋም። እንዲህ ሲሆን ሂስቶግራሙን ትቼ `stripchart(w, method = "stack")` እጠቀማለሁ። እያንዳንዱን ቁጥር እንደ ነጥብ ይደረድረዋል፣ ቢን የሚባል ነገር የለውም።