በ4 የሚካፈለው ልዩነት

ለአንድ የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ሂሳብ እይዛለሁ። መጋዘናችን ቃሊቲ ነው፤ ደንበኞቻችን ግማሾቹ ሆቴሎች፣ ግማሾቹ የሰፈር ሱቆች ናቸው። ሽያጭ በአንድ ፕሮግራም ይመዘገባል። ከመጋዘን የሚወጣውን ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ንብረት ያዣችን በወጪ ደረሰኝ ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ማታ አንዷ ልጅ ወደ ኤክሴል ታስገባዋለች። እኔ ሁለቱን የሚያስተያይ ፋይል ሠርቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ ራሱን አድሶ ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

አንድ ዓመት ሙሉ ሪፖርቱ አረንጓዴ ነበር። ኋላ ሳስበው ያፈርኩት በዚህ ነው። ያን ጊዜ የማስተያየው የሳምንቱን ጠቅላላ ብር ነበር፤ ልዩነቱ ከ2 በመቶ ካነሰ አረንጓዴ እንዲሆን ያደረግኩትም እኔው ነኝ። አንድ ዕቃ ላይ ያለ ስህተት ከሌላው ሁሉ ሽያጭ ጋር ሲደመር 2 በመቶ ውስጥ ይጠፋል። ፋይሉን የቀየርኩት ስህተት ጠርጥሬ አይደለም። እትዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ የትኛው ዕቃ እንደሚሸጥ በዕቃ በዕቃ ማየት ፈለጉ። እግረ መንገዴን ከብር ይልቅ ፍሬ በፍሬ የሚያስተያይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦

```
=SUMIFS(Sales[Qty],Sales[Item],A2,Sales[Week],$B$1)
 -SUMIFS(Store[Qty],Store[Item],A2,Store[Week],$B$1)
```

በሽያጭ ደረሰኝ ላይ ከተጻፈው ብዛት ከመጋዘን የወጣውን መቀነስ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

በመጀመሪያው ሰኞ ፈሳሽ ሳሙናው ላይ 72 ፍሬ ልዩነት ወጣ። 432 ፍሬ ሸጠናል ይላል፣ የወጣው 360 ነው። የሂሳብ ሰው 72 ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ለ9 አካፈልኩት። ልዩነት በ9 በደንብ ከተካፈለ ብዙ ጊዜ የሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ 19 ሊጻፍ 91 ተጽፎ ይሆናል። 72 ደግሞ በትክክል ይካፈላል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ሙሉ የተገላበጠ ቁጥር ፍለጋ የጋሼን ደረሰኞች አንድ በአንድ ገለጥኩ። አንድም አላገኘሁም። ጋሼም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ የምጽፈው የቆጠርኩትን ነው» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ልዩነቱ 52 ሆነ፤ በ9 አይካፈልም። በሦስተኛው 84። ያኔ ነው ከልዩነቱ መጠን ይልቅ አቅጣጫው ዓይኔ ውስጥ የገባው። ሰው ሲሳሳት አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። ሌሎቹ ዕቃዎች ላይ የሚታዩት ትንንሽ ልዩነቶችም እንዲሁ ነበሩ፤ አንድ ሳምንት ሲደመር ሌላ ሳምንት ሲቀነስ። ሳሙናው ግን ሦስቱንም ሳምንት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ይህ የእጅ ስህተት ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ሦስቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፦ 72፣ 52፣ 84። የሚያገናኛቸው 4 ነው። ለ4 ሳካፍላቸው 18፣ 13 እና 21 ሆኑ። ደረሰኞቹን ስቆጥር በየሳምንቱ የተሸጠው ካርቶን ልክ ያ ነበር። በእያንዳንዱ ካርቶን 4 ጠርሙስ እያስከፈልን አንሰጥም ነበር ማለት ነው።

መጋዘን ወርጄ አንድ ካርቶን አስከፈትኩ። 20 ጠርሙስ። ፕሮግራሙ ውስጥ ግን አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ተብሎ ተመዝግቧል። አምራቹ ማሸጊያውን ቀይሮ ነበር። ጋሼ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው 20 እያሉ የሚጽፉት። እኛ ቢሮ ያለነው ግን ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን።

በየወሩ ቆጠራ እያደረግን ለምን አልታየም ማለታችሁ አይቀርም። ግዢውም የሚመዘገበው በካርቶን ነው። ሲገባ ካርቶኑን በ24 ያባዛዋል፣ ሲወጣም በ24። ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው በመዝገቡ ላይ ያለው ካርቶንና መሬት ላይ ያለው ካርቶን አንድ ይሆናል። ጋሼ በድሮ ልማድ፣ ፍሬ የሚወስዱ ሱቆች ስላሉ፣ ወጪውን በፍሬ ባይጽፉ ኖሮ ዛሬም አላውቅም ነበር። ሌላም ምልክት ነበረ፤ የዚያ ሳሙና ትርፍ በድንገት ከፍ ብሎ ነበር። እኔ ግን የተሻለ ዋጋ ያገኘን መስሎኝ ደስ ብሎኝ አለፍኩት።

የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ከቫት በፊት 100 ብር ነው። 2,000 ብር መሆን ያለበትን ካርቶን 2,400 ብር አስከፍለናል። 400ው ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል በካርቶን 460 ብር ነው። ሪፖርቱን ወደ ኋላ ስመልሰው ማሸጊያው ከተቀየረ 9 ሳምንት ሆኖታል፤ 146 ካርቶን፣ 14 ደንበኛ፣ በድምሩ 67,160 ብር።

እትዬ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። «የጠየቀን ሰው አለ?» አሉኝ። አለ። ሳሪስ ያለች አንዲት ባለሱቅ «ዕቃ ይጎድልብኛል» እያለች ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሁለቱንም ጊዜ የጎደለው ከሾፌራችን ደሞዝ ተቆርጧል። ወረቀቱ ላይ 24፣ ካርቶኑ ውስጥ 20 ሲሆን መሐል ያለው ሰው እሱ ነበር፤ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «ከእሱ ጀምር» አሉኝ።

ማስተካከሉ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ 24ን አጥፍቼ 20 ልጽፍ ነበር። ጋሼ ግን ከጥግ ባለ 24 የሆኑ 6 አሮጌ ካርቶኖች አሳዩኝ። ቁጥሩን ብቀይረው እነሱ ላይ በተቃራኒው መሳሳቴ ነበር። ስለዚህ ለባለ 20ው አዲስ የዕቃ መለያ ከፈትኩ፤ አሮጌው 6ቱ ሲያልቁ ተዘጋ።

ከዚያ ክሬዲት ኖት፣ ማለትም ቀድሞ ከተሰጠ ደረሰኝ ላይ በብልጫ የተከፈለውን የሚቀንስ ወረቀት። ለ14ቱ ደንበኞች አንድ አንድ ጠቅላላ ወረቀት ማውጣት ያምራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክሬዲት ኖት የሚያርመውን ደረሰኝ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ስለዚህ በደረሰኝ በደረሰኝ ሠራሁት። ያለፉት ወሮች ቫት ቀድሞ ስለተከፈለ ማስተካከያውን በያዝነው ወር ላይ አደረግኩ። እዚህ ላይ አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። ለቫት የተመዘገቡት ሆቴሎች በካርቶን 60 ብሩን ከራሳቸው ቫት ላይ ቀንሰውታል፤ ክሬዲት ኖቱ ሲደርሳቸው እነሱም መልሰው ማስተካከል አለባቸው። ያልተመዘገቡት ሱቆች ግን 460ውን በሙሉ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት። ገንዘቡን መጀመሪያ የመለስነው ለእነሱ ነው፤ ሆቴሎቹ ከሚቀጥለው ግዢ እንዲታሰብላቸው መረጡ።

የሪፖርቱን 2 በመቶ አጠፋሁት። አሁን አንድ ዕቃ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ አንድ ፍሬም ቢሆን፣ ቀይ ይሆናል። አንዳንዴ በከንቱ ይቀላል፤ ባለፈው ወር በስፖንጅ ምክንያት አንድ ሰዓት አቃጥሎኛል። በጋሼ ወጪ ደረሰኝ ላይም «በካርቶን ውስጥ ያለው» የሚል አንድ መስመር አስጨምሬያለሁ።

ለሾፌሩ ገንዘቡን በፖስታ ስሰጠው ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። የሳሪሷ ባለሱቅ ግን ካርቶኑን እስካሁን ፊቱ ላይ ከፍታ ነው የምትቆጥረው።