«ይሄ ምንድነው?» ብቻ ተብሎ የተላከ ደብዛዛ የደረሰኝ ፎቶ፦ የስድስት ወር ልምዴ

ትንሽ የሂሳብ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው። ደንበኞች ደረሰኞቻቸውን በስልክ አንስተው ይልኩልኛል። ይሄን ያወቁ የሰፈር ሰዎችም መላክ ጀመሩ። ብዙዎቹ ከፎቶው ጋር የሚጽፉት «ይሄ ምንድነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ፎቶው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ነው። ከስድስት ወር በፊት ያየሁትንና የመለስኩትን በደብተር መያዝ ጀመርኩ። ዛሬ ከደብተሩ ሁለት ገጾች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ስህተቴ ነው። አንድ ደንበኛ የሱቅ ደረሰኝ ላከልኝ። ጠቅላላው ላይ መጀመሪያ የቆመው ቁጥር ጠርዙ ፈሶ ነበር። እኔ 845 ብር ብዬ አነበብኩና እንደዚያው መለስኩለት። እውነቱ 345 ነበር። ሰውየው እቃውን እንዲገዛ የላከውን ልጅ በ500 ብር ጠረጠረው። ልጁ ዋናውን ወረቀት ይዞ መጥቶ ነው ነገሩ የጠራው። በጣም አዘንኩ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

የሚቆጨኝ ስህተቱን የሚያጋልጠው ማስረጃ እዚያው ፎቶ ላይ መሆኑ ነው። የታክሱ መስመር ላይ 45.00 በግልጽ ይነበብ ነበር። ቫት 15 በመቶ ነው። 45 ብር ታክስ የሚመጣው ከ300 ብር እቃ ነው። 300 እና 45 ሲደመር 345። ጠቅላላው 845 ቢሆን ኖሮ ታክሱ 110 ብር ከ22 ሳንቲም ይሆን ነበር። የደበዘዘውን ቁጥር በአይኔ ብቻ ታግዬ፣ ያልደበዘዘውን ጎረቤቱን ሳልጠይቀው አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ፎቶውን እንዳየሁት እገለብጣለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቁጥር ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። «3 ይመስላል» ብዬ 3 አልጽፍም። አንዴ 3 ብዬ ከጻፍኩ አይኔ ከዚያ በኋላ 3 ብቻ ነው የሚያየው። ደብዛዛ ፎቶ ላይ 3 እና 8፣ 5 እና 6፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ።

ሁለተኛው ገጽ ያለፈው ወር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ማታ ላይ ፎቶ ላኩልኝ። ከስሩ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ረጅም ጠባብ ነጭ ወረቀት፣ በአውራ ጣት ተይዞ የተነሳ። የጣታቸው ጥላ የላይኛውን ክፍል ሸፍኖታል። የታችኛው ጫፍ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። የእቃዎቹ ዝርዝር ጨርሶ አይነበብም። ከስር ያሉትን ሶስት መስመሮች እንዲህ ገለበጥኳቸው፦

```
TXBL1          *1,?60.00
TAX1  15.00%     *2?4.00
TOTAL          *?,?94.00
```

የመጀመሪያው መስመር ታክስ የሚታሰብበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ታክሱ፣ ሶስተኛው ጠቅላላው። አሁን ሂሳቡ ይጀምራል። በመጀመሪያው መስመር የጥያቄ ምልክት ቦታ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች እየተካሁ 15 በመቶውን አሰላሁ። ታክሱ በ2 ጀምሮ በ4 የሚያልቀው በአራቱ ብቻ ነው። 1,360 ቢሆን ታክሱ 204 ይሆናል። 1,560 ቢሆን 234፣ 1,760 ቢሆን 264፣ 1,960 ቢሆን 294። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች ብቻቸውን አይበቁም። አራት መልስ አላቸው። እዚህ ጋ አቁሜ «ደስ የሚለኝን» ብመርጥ ግምት ነበር የሚሆነው።

ሶስተኛው መስመር ነው የለየው። አራቱን ከታክሳቸው ጋር ስደምር 1,564፣ 1,794፣ 2,024 እና 2,254 ይመጣሉ። በ94 የሚያልቀው 1,794 ብቻ ነው። ያነበብኩት 6 ራሱ 8 ቢሆንስ ብዬም ሞከርኩ። በ80 የሚያልቅ ማንኛውም ዋጋ በ4 የሚያልቅ ታክስ አይሰጥም። ስለዚህ 6 ራሱም ተረጋገጠ።

ይሄ የሚሰራው ግን አንድ ነገር ሲሟላ ነው። ደረሰኙ ላይ ከቫት ነጻ የሆነ እቃ ካለ ጠቅላላው የሁለቱ መስመሮች ድምር አይሆንም። ለምሳሌ ከቫት ነጻ የሆነ መድኃኒት ከሌላ ነገር ጋር ሲገዛ የመድኃኒቱ ዋጋ በሌላ መስመር ይገባል። ያኔ ከላይ የጣልኳቸው ቁጥሮች ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። 1,360 ሲደመር 204 ሲደመር 30 ብር ከቫት ነጻ እቃ ብንል 1,594 ይመጣል፤ እሱም በ94 ያልቃል። እትዬ በላኩት ፎቶ ላይ ግን ፊደሉ ባይነበብም መስመሮቹ ይቆጠራሉ። ከታክሱ ቀጥሎ ጠቅላላው ነው፤ መሃል ላይ ሌላ መስመር የለም። ስለዚህ 1,794 ብር የሚለውን ተቀበልኩት።

እዚህ ስደርስ «1,794 ብር የተከፈለበት የግዢ ደረሰኝ ነው» ብዬ ልልክ ነበር። መልእክቱን ጽፌዋለሁ። ከመላኬ በፊት ግን ቃል በቃል አነበብኩት። 1,794 ብር የሚለው በሂሳብ ተረጋግጧል። «የተከፈለበት» የሚለውን ግን ከየት አመጣሁት? «የግዢ» የሚለውንስ? ፎቶው ላይ አላየሁትም። ሂሳቡም አይነግረኝም። ፕሮፎርማም እኮ ዋጋ፣ ቫትና ጠቅላላ አለው። እዚያም 1,560 ላይ 234 ሲደመር 1,794 ነው። ቁጥሮች እርስ በርስ መግጠማቸው ወረቀቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ወረቀቱን የሚለየው ከላይ ያለው ርዕስና የግብር ከፋዩ ቲን ቁጥር፣ ከስር ደግሞ የማሽኑ ቁጥር ነው። እትዬ በላኩት ፎቶ ላይ ደግሞ አንዱ በጥላ ተሸፍኗል፣ ሌላው ተቆርጧል።

ሌላም ነገር አለ። «ይሄ ምንድነው?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ በልቡ ይዟል። እዳ ነው ወይ? ተጭበረበርኩ ወይ? ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው? የማን ነው? እኔ ልቡን ገምቼ ብመልስ ባልተጠየቅኩት ላይ ስህተት እጨምራለሁ። ስለዚህ የጻፍኩትን ሰርዤ እንዲህ ብዬ ላክሁላቸው፦

«እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ ወረቀት ይመስላል። ጠቅላላው 1,794 ብር ነው፣ ከዚህ ውስጥ 234 ብሩ ቫት ነው። ምን እንደተገዛ፣ ከየት እንደሆነና ቀኑን ማንበብ አልቻልኩም። የወረቀቱ አናትና ግርጌ ስላልታየኝ ምን አይነት ወረቀት እንደሆነ በእርግጠኝነት አልነግርዎትም። ከየት አገኙት? ምን ማወቅ ፈልገው ነው?»

የልጃቸውን ጃኬት ሊያጥቡ ሲሉ ኪሱ ውስጥ እንዳገኙት ነገሩኝ። ልትከፍለው የሚገባ እዳ ይሆን ብለው ሰግተው ነው። ወረቀቱ የታጠፈ ነበር፤ ልብሱ ጋ ሆኖ ትንሽ ረጥቧል።

እንደገና እንዲያነሱት ለመንኳቸው። በዚህ ስራ ከተማርኩት ሁሉ ጊዜ የሚቆጥበው ይሄ ነው። ሶስት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በቀን መስኮት አጠገብ ሆነው፣ ፍላሽ ሳያበሩ ያንሱት። የማሽን ወረቀት ስለሚያንጸባርቅ ፍላሹ መሃሉ ላይ ነጭ ያደርገዋል። ረጅም ከሆነ በሁለት ፎቶ ያንሱት፤ የመጀመሪያው መጨረሻ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ይደገም። ከዚያ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ተጨምቆ ስለሚሄድ ደቃቅ ፊደል መጀመሪያ የሚጠፋው ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመርኩላቸው። እርጥቡን ወረቀት በካውያ ወይም በምድጃ እንዳያደርቁት። የማሽን ደረሰኝ በቀለም አይታተምም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። በካውያ ቢተኩሱት ከዳር እስከ ዳር ይጠቁርና የነበረውም ይጠፋል።

ጠዋት ሁለት ጥርት ያሉ ፎቶዎች መጡ። 1,794 ትክክል ነበር። ከስር የማሽኑ ቁጥር አለ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይሄንንም ሁሌ አያለሁ፤ ያጋጠሙኝ የማሽን ደረሰኞች ቀናቸው በፈረንጅ ነው፣ በእጅ የሚጻፉት ግን ብዙ ጊዜ በእኛ። ደብዛዛ ፎቶ ላይ «2017» ብቻ ከታየ የትኛው 2017 እንደሆነ ሳይለዩ ቀን መናገር አይቻልም። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው።

ከእቃው ዝርዝር በላይ ደግሞ ማታ በጣታቸው ጥላ የተሸፈነው ቃል ነበር። REFUND ይላል። ተመላሽ ማለት ነው። አንድ ካውያ ወደ ሱቁ ተመልሶ የተቆረጠ ደረሰኝ እንጂ ግዢ አልነበረም። ማታ የጻፍኩትን የመጀመሪያ መልእክት ልኬው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

ደውዬ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እዳ አይደለም። እቃ ተመልሶ የተቆረጠ ደረሰኝ ነው። ካውያ ይላል።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ብሩስ የት ሄደ? ካውያ ልትገዛልኝ የሰጠኋት እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ይሄኛውን መመለስ አልቻልኩም። ደረሰኙ የሚናገረው ማሽኑ ላይ ተመላሽ እንደተመዘገበ ነው። ብሩ በእጅ ይመለስ፣ በባንክ ይላክ፣ በሌላ እቃ ይቀየር ወረቀቱ ላይ የለም። ማን እንደተቀበለውም የለም። «ይሄን ወረቀቱ አይነግረንም። ምንም ከማሰብዎ በፊት እሷኑ ይጠይቋት» አልኳቸው። በሃሳቤ የ845ቱ ልጅ ነበር።

ማታ ሌላ ፎቶ ላኩልኝ፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በፋይል። የመጀመሪያው ካውያ አልሞቅ ብሎ ልጅቷ በዚያው ቀን መልሳው በሌላ አስለውጣ ኖሯል። የሁለተኛው ደረሰኝ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።