«ሁሉም ማለት ማን ነው?»

ስፌት በቪዲዮ ላስተምር ብዬ ስነሳ ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ርዕስ «የወንድ ኮት አቆራረጥ» ነበር። ቀጥሎ እጅጌ አገጣጠም፣ ከዚያ የማይታይ ዚፕ። የማውቀውን ከባዱን ነገር ማሳየት ፈለግሁ። ኮቱን ብቻ ሦስት ቀን ቀረጽነው።

በአራተኛው ቀን አንዲት ደንበኛዬ የቤት ስፌት ማሽኗን ተሸክማ ሱቅ ገባች።

«እትዬ፣ ክሩ ከጨርቁ ሥር እየተተበተበ አስቸገረኝ። ጠጋኙ ችግሩ ከታች ነው ብሎ የቦቢን ቤቱን ቀየረልኝ። ያው ነው።»

ከላይ ቀይ ክር፣ ከታች ቦቢኑ ላይ ነጭ አደረግሁ። አንድ ስንዝር ያህል ሰፍቼ ጨርቁን ገለበጥኩት። የተቆለለው ቀዩ ነበር። የላይኛው ክር ከታች ከተቆለለ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ክሩ ከላይ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

«ክሩን ስታስገቢ ጨርቅ የሚጫነው እግር የት ነበር?»

«ወርዶ ነዋ።»

እግሩ ሲወርድ ክሩን የሚወጥሩት ሁለት ክብ ብረቶች ይገጥማሉ። ክሩ መሃላቸው መግባት ሲገባው ከላያቸው ያልፋል። የሚይዘው ስለሌለ ልቅ ሆኖ ይወርድና ሥር ይከማቻል። እግሩን አንስቼ ክሩን እንደገና አስገባሁት። ሰፋሁ። ከሥር ያለው ስፌት እንደ ላይኛው ቀጥ አለ።

ጨርቁን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄን ለምን ቪዲዮ አትሠሪበትም?» አለችኝ።

«ይሄማ ሁሉም የሚያውቀው ነው።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው?»

መልስ አጣሁ። ለማያስፈልግ ዕቃ ከፍላ ነበር የመጣችው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ጠጋኙ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ ገንዘቧ አይወጣም ነበር።

ማታ ደብተሩን ገልጬ ኮቱን ወደ መጨረሻ አወረድኩት። በቦታው ደንበኞች ሱቅ ሲገቡ የሚሉትን፣ በራሳቸው አባባል ጻፍኩ። «ክሩ ከሥር ለምን ይተበተባል?» «መርፌው ለምን ይሰበራል?» «ስፌቱ ለምን እየዘለለ ይሰፋል?» «የክር ውጥረት ማስተካከያ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ እሷ ፈልጋ አታገኘውም፤ ቃሉን አታውቀውማ።

የመጀመሪያውን ስንቀርጽ ስልኩን ፊት ለፊቴ አቆምነው። ቪዲዮውን ሳየው ግራና ቀኙ ለተመልካቹ ተገልብጧል፤ ክሩ በየት በኩል እንደሚዞር ግራ ያጋባል። ስለዚህ ስልኩን በትከሻዬ ላይ አሳልፈን፣ ተማሪዋ ራሷ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ እንደምታየው አድርገን ደገምነው። ቀዩንና ነጩን ክር እዚህም ተጠቀምኩ። መጀመሪያ እግሩን ዝቅ አድርጌ አበላሸሁት፣ ጨርቁን ገልብጬ አሳየሁ፤ ከዚያ እግሩን አንስቼ ክሩን አስገባሁ። ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

አራት ደቂቃ አልሞላም። ለእሷ ነው መጀመሪያ የላክሁላት።